ለባንክ የሚጻፍ የብድር ማራዘሚያ ደብዳቤ፦ ስሌቱ ከየትኛው ቁጥር ይነሳ?

ሰብለ (ሜሪላንድ)
ሰላም ለሁላችሁም። ሰንጋ ተራ አካባቢ ባለው አፓርታማ ላይ የባንክ ብድር አለብኝ። ቀሪው ዋና ብድር 2,400,000 ብር፣ ወለዱ በዓመት 16 በመቶ፣ የቀረው ጊዜ 96 ወር፣ ወርሃዊ ክፍያው 44,469 ብር ነው። ድሮ በ55,000 ብር ይከራይ ስለነበር ችግር አልነበረም። ተከራዩ ወጥቶ ቤቱ ሁለት ወር ባዶ ተቀመጠ፣ አሁን በ40,000 ተከራይቷል። የሁለት ወር ክፍያ አልፎኛል። የመጀመሪያው መክፈያ ቀን ካለፈ ዛሬ 55 ቀን ሆነው። ጊዜው ወደ 144 ወር ቢራዘም 37,580 ብር እንደሚመጣ አስልቼ፣ «ኪራዩ ክፍያውን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል» ብዬ ደብዳቤ ጽፌአለሁ። ወንድሜ ሰኞ ሊያስገባው ነው። ከመግባቱ በፊት አንድ ሰው ቢያየው ደስ ይለኛል።

ዳዊት (ዳላስ)
144 ለምን? 240 ወር ጠይቂ። ጊዜው በረዘመ ቁጥር ክፍያው ይወርዳል። 2,400,000 ለ240 ሲካፈል 10,000 ብር ነው፣ ወለድ ሲጨመርበት ቢበዛ 20,000 ይሆናል። ኪራዩ እጥፉን ይሸፍናል ማለት ነው።

ጋሽ መኮንን (አዲስ አበባ)
ዳዊት፣ ጊዜ ሲረዝም ክፍያ ይወርዳል ያልከው ልክ ነው፤ ግን የሚወርድበት ወለል አለው። በ2,400,000 ብር ላይ የ16 በመቶ ወለድ በወር 32,000 ብር ነው። መቶ ዓመት ብታራዝመውም ከዚያ በታች አይወርድም፤ ከዋናው አንዲት ብር ለመቀነስ ከ32,000 በላይ መክፈል ግድ ነው። በ240 ወር የሚመጣው 33,390 ብር ነው እንጂ 20,000 አይደለም። ልብ ብለህ እየው፦ ከ96 ወደ 144 ወር ስትሄድ በወር 6,889 ብር ይቀልላል። ከ144 ወደ 240 ስትሄድ ግን ስምንት ዓመት ጨምረህ የምታገኘው ቅናሽ 4,190 ብር ብቻ ነው፤ በጠቅላላው ግን 2,600,000 ብር ገደማ ተጨማሪ ወለድ ትከፍላለህ። ስለዚህ 144 ደህና ምርጫ ነው።

ሰብለ፣ የአንቺ ስሌት ራሱ ትክክል ነው፤ የተነሳበት ቁጥር ግን ልክ አይደለም። ባንኩ አዲሱን ክፍያ የሚያሰላው በ2,400,000 ላይ ላይሆን ይችላል። ያልተከፈለው የሁለት ወር ወለድ 64,000 ብር ነው። ብዙ ጊዜ ብድር ሲራዘም ውዝፍ ወለዱ ከዋናው ጋር ተደምሮ አዲስ ዋና ብድር ይሆናል፤ ያኔ የምትነሺው ከ2,464,000 ነው። ኤክሴል ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን አስገቢያቸው፦

```
=PMT(0.16/12,144,-2400000)
=PMT(0.16/12,144,-2464000)
```

የመጀመሪያው 37,580፣ ሁለተኛው 38,582 ይሰጥሻል። የወር ልዩነቱ 1,002 ብር ነው፤ ቅጣት ወለዱ ሲጨመር ደግሞ ከዚህም ይበልጣል። ደብዳቤሽ አንድ ቁጥር፣ የባንኩ ኮምፒውተር ሌላ ቁጥር ካሳየ የብድር ኦፊሰሩ ወረቀቱን ወደ ጎን ያደርገዋል። ጥያቄሽ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ ባልተጣጣመ ቁጥር ለኮሚቴ ማቅረብ ስለማይችል ነው።

ሰብለ
ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ። የቱን ቁጥር ልጻፍ ታዲያ?

ጋሽ መኮንን
ሁለቱንም። ወንድምሽ በመጀመሪያ ከቅርንጫፉ ቀን የተጻፈበት የቀሪ ዕዳ መግለጫ ይጠይቅ፤ ዋናው፣ ውዝፍ ወለዱና ቅጣቱ ለየብቻቸው የተለዩበት ይሁን። አሁን የሚሠራበት የወለድ መጣኔም እዚያው ይጻፍ፤ ውል ስትፈርሚ የነበረው መጣኔ ተለውጦ ሊሆን ይችላል። ከዚያ «64,000 ብር ውዝፍ ወለዱን አሁን ብከፍል 37,580፤ ከዋናው ጋር ቢደመር 38,582» ብለሽ አማራጩን ለባንኩ አቅርቢ። አሁን መክፈል ከቻልሽ ጥያቄሽ በጣም ይጠነክራል።

የሺ (ፍራንክፈርት)
እኔም እዚህ ጀርመን የመኪና ብድር አለብኝ፣ ሦስት ወር እንዲያርፉልኝ ልጠይቃቸው ነው። ይሄው ደብዳቤ ቢተረጎም ይሆናል?

ጋሽ መኮንን
የሺ፣ ያንቺ ጉዳይ ሌላ ሕግ፣ ሌላ ውል ነው፤ ለብቻው ብትጠይቂ እዚያ ያሉት ይረዱሻል። ይህኛው በአዲስ አበባ ቤት ለተያዘበት ብድር ነው።

ሂሩት (አዲስ አበባ፣ ሜክሲኮ)
ብድር ክፍል ስለምሠራ ከወዲያኛው ጠረጴዛ የሚታየውን ልንገርሽ ሰብለ። «ኪራዩ ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል» የሚለውን አረፍተ ነገር አውጪው። 40,000 እጅሽ የሚገባ ገንዘብ አይደለም። የኪራይ ገቢ ግብሩ፣ ጥበቃና ጽዳቱ ሲቀነስ ስንት ይቀራል?

ሰብለ
34,000 አካባቢ።

ሂሩት
እንግዲያው የምንሠራበት ቁጥር 34,000 ነው። በነባሩ ክፍያ በየወሩ 10,469 ብር ይጎድልሻል፤ በአዲሱ 3,580 ወይም 4,582። ኦፊሰሩ ይህን ቅነሳ ራሱ ይሠራዋል፤ አንቺ ቀድመሽ ከጻፍሽው ግን ቁጥርሽን ያምናል። ጉድለቱ ከምን እንደሚሞላ ጻፊ፤ ከውጭ ደመወዝሽ ከሆነ የሦስት ወር የደመወዝ ማስረጃና ገንዘብ የላክሽባቸውን ደረሰኞች አያይዢ። የአዲሱ ተከራይ ውል ኮፒም ይግባ።

ሌላው ቀኑ ነው። በብሔራዊ ባንክ መመሪያ መሠረት ክፍያ 90 ቀን ካለፈው ብድሩ ከጤናማ ብድሮች ጎራ ይወጣል። አንቺ 55 ላይ ነሽ፤ 35 ቀን አለሽ ማለት ነው። ከዚያ በፊት የገባ ጥያቄ በብድር ክፍል ደረጃ ይታያል፤ ከ90 በኋላ ግን ፋይሉ ወደ ብድር ማስመለሻ ይሄዳል፣ የሚያናግሩሽም ሌሎች ሰዎች ናቸው። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንክ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት በጨረታ መሸጥ ይችላል። ለማስፈራራት አይደለም፤ ደብዳቤው በዚህ ሳምንት መግባት ያለበት ለዚህ ነው።

ዳዊት
ይቅርታ ደግሜ ልጠይቅ። የሚጎድለው 10,469 ብር ከሆነ በዛሬው ምንዛሪ ከ100 ዶላር በታች ነው። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ምንዛሪው ከተለቀቀ ወዲህ የብር ዕዳ በዶላር ሲታሰብ ቀልሏል። ሰብለ ለምን አራት ዓመት ጨምራ ወለድ ትከፍላለች?

ጋሽ መኮንን
ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። በ96 ወር ጠቅላላ የምትከፍለው 4,269,000 ገደማ፣ በ144 ወር 5,411,000 ገደማ ነው፤ ልዩነቱ ከ1,140,000 ብር በላይ። በየወሩ ጉድለቱን ከውጭ መሙላት የምትችል ከሆነ ውዝፉን ከፍላ በነባሩ ብትቀጥል ይሻላታል።

ሰብለ
ሥራ ላይ ሰዓት ተቀንሶብኛል። በወር 30 እና 40 ዶላር እችላለሁ፣ 100 ግን በየወሩ እችላለሁ ብዬ ቃል ልገባ አልችልም። ሰዓቱ ሲመለስ መጨመር እችላለሁ።

ሂሩት
እንግዲያው በደብዳቤው ላይ አንድ አንቀጽ ጨምሪ፦ ከወርሃዊው በላይ ስትከፍይ ያለ ቅጣት ከዋናው ብድር እንዲቀነስልሽ። ይህ በማሻሻያ ውሉ ውስጥ ካልተጻፈ ትርፍ ክፍያሽ ለቀጣይ ወራት ቅድሚያ ክፍያ ተብሎ ሊያዝ ይችላል፤ ያኔ ወለዱ አይቀንስም። ሌላው አማራጭ ለአንድ ዓመት ወለዱን ብቻ፣ ማለትም 32,000 መክፈል ነው። ከ34,000 ጋር ይገጥማል። ነገር ግን የማብቂያው ቀን ካልተገፋ በቀሩት 84 ወራት ክፍያው ወደ 47,669 ይወጣል። ሰዓትሽ እንደሚመለስ እርግጠኛ ካልሆንሽ እኔ አልመክርም።

ጋሽ መኮንን
እኔ ደግሞ የአንድ ዓመቱን ባትንቂው እላለሁ፤ ጠቅላላ ወለዱ ከ144 ወሩ በብዙ ያንሳል። ምርጫው የሰብለ ነው። ለማራዘሚያው ከሆነ ደብዳቤው እንዲህ ቢሆን፦

> ለ……… ባንክ
> ……… ቅርንጫፍ
> አዲስ አበባ
>
> ጉዳዩ፦ የብድር መክፈያ ጊዜ እንዲራዘምልኝ ስለመጠየቅ
>
> በብድር ውል ቁጥር ……… የወሰድኩት ብድር ባንኩ በቀን ……… በሰጠኝ መግለጫ መሠረት ዋና ብድሩ 2,400,000 ብር፣ ውዝፍ ወለዱ 64,000 ብር ነው። በመያዣነት የተያዘው ቤት ለሁለት ወር ሳይከራይ በመቆየቱና ኪራዩ ከ55,000 ወደ 40,000 ብር በመውረዱ የሁለት ወር ክፍያ ሳልፈጽም ቀርቻለሁ። ከግብርና ከወጪ በኋላ የማገኘው 34,000 ብር ሲሆን ነባሩ ክፍያ 44,469 ብር ነው።
>
> ስለዚህ ቀሪው ጊዜ ከ96 ወደ 144 ወር እንዲራዘምልኝ እጠይቃለሁ። ውዝፍ ወለዱን ማሻሻያው በሚፈረምበት ቀን ብከፍል ወርሃዊ ክፍያው 37,580 ብር፣ ከዋናው ጋር ቢደመር 38,582 ብር ይሆናል። ከኪራዩ በላይ ያለውን ልዩነት ከውጭ አገር ደመወዜ እሸፍናለሁ። ከወርሃዊ ክፍያ በላይ የምከፍለው ያለ ቅጣት ከዋናው ብድር እንዲቀነስልኝ፣ የቅጣት ወለዱም እንዲነሳልኝ በትህትና እጠይቃለሁ።
>
> ከሰላምታ ጋር
> አባሪ፦ የኪራይ ውል፣ የደመወዝ ማስረጃ፣ የክፍያ ሰንጠረዥ
> ግልባጭ፦ ለዋናው መሥሪያ ቤት ብድር ክፍል

ሁለት ኮፒ ይታተም። ወንድምሽ አንዱን ለመዝገብ ቤት ሰጥቶ በሌላው ላይ ማኅተም፣ ቀንና ገቢ ቁጥር ያስመታ። ለኦፊሰሩ በእጅ ብቻ የተሰጠ ደብዳቤ እንዳልገባ ነው የሚቆጠረው።

ሂሩት
ውክልናውንም እዩት። ደብዳቤውን አንቺ ፈርመሽ ማንም ሊያደርሰው ይችላል፤ የማሻሻያ ውሉን ለመፈረም ግን ውክልናው ብድር ውል ማሻሻልንና የመያዣ ውል መፈረምን በግልጽ ማለት አለበት። «ጉዳዬን ሁሉ እንዲያስፈጽም» የሚል ብቻ ከሆነ ባንኩ ይመልሰዋል። አዲስ ከሆነ ከኤምባሲ ወጥቶ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ሰነዶች ማረጋገጫ እስኪደርስ ጊዜ ይፈጃል፤ ዛሬውኑ ጀምሪው። የብድሩ ዋስ ካለም እሱም መፈረም አለበት።

ሰብለ
የወንድሜን ውክልና አሁን አየሁት፣ «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ» ይላል እንጂ ብድር ማሻሻል አይልም። ማክሰኞ ኤምባሲ እሄዳለሁ። ደብዳቤው ግን ሰኞ ይገባል። ቅጣቱን ስለማንሳት ባንኩ እምቢ ቢል ሌላ ማን ጋ ይኬዳል?

ሂሩት
መጀመሪያ መግለጫው ላይ ቅጣቱ ስንት እንደሆነ እንይ። ትንሽ ከሆነ ለእሱ ብለሽ ፋይሉን አታዘግዪው። ትልቅ ከሆነ ለዋናው መሥሪያ ቤት ለብቻው ይጻፋል፤ ቁጥሩ ሲመጣ እዚሁ ለጥፊልኝ።