«ቀጠሮውን ለእናቴ አሳልፍልኝ» ምን ማለት ነው?

ፊደል_ወዳጅ፦ ሰላም ቤቶች። ለአንድ ክሊኒክ ቀጠሮ የሚይዝ ቻትቦት እየሠራን ነው። አንድ ደንበኛ «የማክሰኞውን ቀጠሮ ለእናቴ አሳልፍልኝ» ብሎ ጻፈ። ቦቱ ምንም ሳይጠይቅ የልጁን ቀጠሮ ወደ እናትየው ስም አዞረው። ልጁ የፈለገው ግን የእናቱ ቀጠሮ ወደ ሌላ ቀን እንዲገፋ ነበር። እናንተ ብትሆኑ እንዴት ትረዱታላችሁ? ቦቱስ መጠየቅ ነበረበት?

ዘጎጃም፦ ምን ያጠያይቃል? «አሳለፈ» ከ«ሰልፍ» ነው የመጣው። ተራዬን ስጥልኝ ማለቱ ነው። ቦቱ ልክ ነው።

የኔታ፦ ኧረ ወንድሜ፣ ሰልፍማ ሌላ ዘር ነው! ግዕዙ «ኀለፈ» ነው። አማርኛው «አለፈ»፣ ማድረጊያው «አሳለፈ»። ኃላፊ ጊዜ የምንለውም ከዚያው ነው። ድግስ ላይ ጠላ የሚቀዳልህስ አሳላፊ አይደል? ለሰው መስጠትንም፣ ጊዜን መግፋትንም ይይዛል። እዚህ ያምታታን «ለ» ነው። «ለእናቴ» ወደ እሷ ነው ወይስ ስለ እሷ?

ዘጎጃም፦ እሺ የኔታ፣ የቢሮው ኃላፊስ? እሱም አላፊ ነው?

የኔታ፦ ሹመት መቼ ይዘልቃል ልጄ! እሱን ለብቻው ርዕስ አድርገህ ክፈተው፣ ብዙ የምለው አለኝ።

ሜሪላንድ_ነኝ፦ እኔም ደርሶብኛል። አንዱን ቀጠሮ ያዥ ቦት «ሐሙስ 2 ሰዓት» አልኩት። እዚህ ሥራ የምንይዘው በፈረንጅ ሰዓት ነው፣ ከምሳ በኋላ ማለቴ ነበር። እሱ ጠዋት 2 ያዘልኝ። ሁልጊዜ ይጠይቅ ባይ ነኝ።

ኮደሯ፦ ሁልጊዜ ከጠየቀማ ሰው ትቶት ስልክ ይደውላል፣ እህቴ። ያንቺን ጉዳይ ግን ስልክ ቁጥርሽ ከየት እንደሆነ አይቶ መጠርጠር ይችል ነበር። ፊደል_ወዳጅ፣ ቦቱ መጀመሪያ መዝገቡን ይይ። ማክሰኞ ቀጠሮ ያላት እናትየው ብቻ ከሆነች ይገፋላት ማለት ነው፤ መጠየቅ አያስፈልግም። ልጁ ብቻ ከሆነ ደግሞ ወደ እሷ ማዞሩ ያመዝናል። መዝገቡ ካልለየው፣ ስህተቱ ይመለሳል ወይ በይ። የሚመለስ ከሆነ አድርጎ ይንገረው፦ «ወደ እናትህ ስም አዙሬዋለሁ፣ ካልሆነ ንገረኝ»። ቦታው ወዲያው ለሌላ ታካሚ የሚሰጥ ከሆነ ግን ሳይጠይቅ አይንካ።

ፊደል_ወዳጅ፦ ሁለቱም ማክሰኞ ነበራቸው፣ በአንድ ስልክ የተመዘገቡ። እናትየው የልጁን ቦታ ስለያዘች የተለቀቀውን የራሷን ቦታም ሌላ ሰው ወሰደው።

ኮደሯ፦ እንግዲያው መጠየቅ ነበረበት። ግን «ምን ማለትህ ነው?» አይበል፤ ሰውየው ያንኑ ዓረፍተ ነገር መልሶ ይጽፍለታል። «የእናትህን ቀጠሮ ወደ ሌላ ቀን ልግፋው ወይስ ያንተን ለእሷ ልስጣት?» ይበል። ከዚያ መልሶቹን ተከታተሉ። ሁሉም ሰው አንዱን ብቻ የሚመርጥ ከሆነ ጥያቄውን አንሱት። ሳይጠይቅ በሠራበት ላይ «እንደዛ አላልኩም» ከበዛ ደግሞ ጨምሩ።

የኔታ፦ ሦስተኛ ፍቺ ረሳችሁ። እኛ ጋ «ቀጠሮውን አሳለፈ» ማለት ሳይሄድ ቀረ ነው። ይሰረዝልኝ ማለቱ ቢሆንስ?

ዘጎጃም፦ የ«ሰልፍ» ነገር ግን አሁንም አልተዋጠልኝም።