የማኅበራዊ ጭንቀት የቡድን ሕክምና፦ ተሳታፊው በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ አቋርጦ ወጣ፤ ቅደም ተከተሉን ልለውጥ?

የነገው አመቻች (ጠያቂ)
አራተኛው ክፍለ ጊዜ ነገ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ፈጣን መልስ እፈልጋለሁ። ማኅበራዊ ጭንቀት ላለባቸው ጎልማሶች የተዘጋጀ የ12 ሳምንት የቡድን ሕክምና እየመራሁ ነው። መመሪያው የሚፈሩትን ሁኔታ የመጋፈጥን የመጀመሪያ ልምምድ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ስለሚያስቀምጥ፣ አንድ ተሳታፊ በቡድኑ ፊት ቆሞ ስለ ራሱ እንዲናገር አደረግሁ። ሁለት ደቂቃ ያህል ተናግሮ ተቀመጠ፤ እኔም አመስግኜው ወደሚቀጥለው ሰው አለፍሁ፤ እርሱ ግን በዕረፍቱ ሰዓት ወጥቶ አልተመለሰም። ዛሬ ደግሞ ሌሎች ሁለት ሰዎች «ነገ አንመጣም» የሚል መልእክት ላኩ። ልምምዱን ወደ ስድስተኛው ክፍለ ጊዜ አሸጋግሬ እስከዚያ ዝግጅት ብቻ ባደርግ ይሻላል?

መምህሩ
በእኔ እምነት ችግሩ ከመነሻው ነው። ሰው የገዛ ሰውነቱን ማረጋጋት ሳይችል በሰዎች ፊት ሊቆም አይገባውም። መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ሙሉ በቀስታ የመተንፈስ ሥልጠና ይስጡ፤ ቀጥሎም የሚያስፈሩ ሁኔታዎችን ከቀላሉ ወደ ከባዱ በደረጃ ያስጽፉ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ይለማመዱ። በቡድኑ ፊት ቆሞ ስለ ራስ መናገር ለመነሻ የሚመረጥ ነገር አይደለም።

አጣሪ
መልስ ከመስጠቴ በፊት፦ ቡድኑ ስንት ሰው ነው? ሁለተኛ አመቻች አለ? ተሳታፊው ከመናገሩ በፊት ምን ይደርስብኛል ብሎ ነበር? የጭንቀቱን ልክ በቁጥር ጠይቀውታል?

የነገው አመቻች (ጠያቂ)
ሰባት ናቸው። ተባባሪዬ ያን ቀን ታማ ቀርታ ነበር፤ ነገ ግን ትኖራለች። «እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ሁሉም ያያሉ፣ መስማታቸውንም ያቆማሉ» ብሎ ነበር። ከ0 እስከ 100 ስጠይቀው ሲጀምር 60፣ ሲቀመጥ ደግሞ 90 አለኝ። ማስታወሻ የጻፈበትን ወረቀት በሁለት እጁ ይዞ ነበር የተናገረው።

ቀላል መንገድ
ከቀላሉ ይጀምሩ። ደረጃ ያስጽፉና ከታችኛው ይነሡ።

አሥራ ሁለተኛው ሳምንት
ቅደም ተከተሉ አልተበላሸም። በዚህ ዓይነት የ12 ሳምንት ሕክምና መጋፈጥን በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ መጀመር የተለመደ ነው። ወደ ስድስተኛው ካሸጋገሩት፣ ተሳታፊዎቹ ነገሩ በእርግጥ አደገኛ ቢሆን ነው የተራዘመው ብለው ይደመድማሉ፤ ለልምምድ የሚተርፋቸውም ጊዜ ያጥራል። መምህሩ ስለ ምርጫው የተናገሩት ግን ልክ ነው። ለመጀመሪያው ልምምድ የሚመረጠው፣ ጭንቀቱን 50 ገደማ የሚገምት ሰውና እስከ መጨረሻው ሊዘልቀው የሚችል ሁኔታ ነው።

ይበልጥ የጎደለው ከንግግሩ በኋላ ያለው ሥራ ነው። ሰውዬው እጄ ይንቀጠቀጣል ብሎ ተንብዮአል፤ ይሁን እንጂ ትንቢቱ መድረስ አለመድረሱን ማንም አልጠየቀውም፣ ቡድኑም ያየውን አልተናገረም። ስለዚህ ይዞት የወጣው ማስረጃ በውስጡ የተሰማው ብቻ ነው። ወረቀቱንም ልብ ይበሉት። መንቀጥቀጡን ለመደበቅ አጥብቆ ሲይዘው ጡንቻው ይወጠራል፣ የተወጠረ እጅ ይብሱን ይንቀጠቀጣል፣ ወረቀቱም ትንሿን እንቅስቃሴ አጉልቶ ያሳያል። መደበቂያው ራሱ የሚፈራውን ነገር ይፈጥራል ማለት ነው። የመተንፈስ ሥልጠናውን የምቃወመውም ለዚሁ ነው፤ በንግግር መካከል ትንፋሹን የሚቆጥር ሰው ሌላ መደበቂያ አገኘ እንጂ ከሰዎች ጋር አልሆነም።

ነገ ማንንም ብቻውን አያቁሙ። ተሳታፊዎቹን ጥንድ ጥንድ አድርገው ሁለት ጊዜ፣ በየዙሩ አምስት ደቂቃ ያህል፣ ተራ ወሬ እንዲያወሩ ያድርጉ፤ ቁጥሩ ጎዶሎ ከሆነ ተባባሪዎ ትግባ። በመጀመሪያው ዙር እያንዳንዱ ሰው ጭንቀቱን ለመደበቅ ዘወትር የሚያደርገውን ሆን ብሎ ያድርግ፦ እጁን ይጨብጥ፣ ዓረፍተ ነገሩን ከመናገሩ በፊት በልቡ ያጥና፣ ራሱን ይከታተል። በሁለተኛው ዙር ያን ሁሉ ትቶ ሌላው ሰው ለሚናገረው ነገር ጆሮውን ይስጥ። ከየዙሩ በኋላ ምን ያህል እንደ ተጨነቀና ጭንቀቱ ምን ያህል የታየበት እንደሚመስለው ከ0 እስከ 100 ይጻፍ። አብሮት ያወራው ሰውም ምን ያህል እንደታየው ለብቻው ይጻፍ።

ተሳታፊው ከመጀመሪያው ዙር በኋላ «80 ታይቶብኛል» ብሎ ጽፎ ጓደኛው 25 ቢጽፍ፣ ሥራው የሚጀምረው «80ን ከየት አመጣኸው?» ከሚለው ጥያቄ ነው። ብዙ ጊዜ ምንጩ የጓደኛው ፊት ሳይሆን የገዛ ልቡ ምት ሆኖ ይገኛል። ጓደኛውም 70 ከጻፈ አይደንግጡ፤ ጥያቄው ብቻ ይለወጣል፦ ካየ በኋላ ምን አደረገ? መስማቱን አቆመ? ንቀት ተሰማው? ይህን ከራሱ አንደበት ይስማ። በሁለተኛው ዙር ጭንቀቱ ባይቀንስም ልምምዱ አልከሸፈም፤ የሚፈተነው ትንቢቱ እንጂ የጭንቀቱ ልክ አይደለም።

አጣሪ
እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ አለኝ። ባለ ሁለት ዙሩ ልምምድ የመጣው ለአንድ ለአንድ ሕክምና ከተዘጋጀ ሌላ አካሄድ ነው። ጀማሪ አመቻች ሁለት መመሪያ ሲቀላቅል በየሳምንቱ የሚመቸውን እየመረጠ ከሁለቱም ሊወጣ ይችላል።

አሥራ ሁለተኛው ሳምንት
ስጋቱ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ አንድ ልምምድ ተውሶ ወደ ራስ ቅደም ተከተል መመለስ ያን ያህል መቀላቀል አይመስለኝም።

ቀድሞ ተሳታፊ የነበረ
እኔ በእንዲህ ያለ ቡድን ውስጥ በተሳታፊነት አልፌያለሁ። ተናግሬ ስቀመጥ አመቻቿ «በጣም ጥሩ ነበር፤ እናመሰግናለን» አለችኝና ወደ ሌላው ሰው ዞረች። እኔ ግን አዝናልኝ ነው ብዬ ስለ ተረዳሁት ሌሊቱን ሙሉ ቃላቴን አንድ በአንድ ሳገላብጥ አደርሁ። በኋላ የረዳኝ አንዲት የቡድኑ አባል «ድምፅህ መጀመሪያ ላይ ቀጥኖ ነበር፤ ስለ እኅትህ ስታወራ ግን ረሳሁት» ያለችኝ ነው። ምስጋና አላመንሁም፤ ይህን ግን አመንሁ።

ሳቂታው
ሰባት ማኅበራዊ ጭንቀት ያለባቸው ሰዎች ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ መቀመጣቸው ራሱ ትልቅ ልምምድ ነበር። የሁለቱ «አንመጣም» ማለትም ለቡድን አባል እንቢ የማለት ልምምድ ተደርጎ ይመዝገብላቸው።

የነገው አመቻች (ጠያቂ)
የቀድሞው ተሳታፊ የጻፉት በትክክል እኔ ያደረግሁትን ነው። ለወጣው ሰው ዛሬ ልደውልለት ወይስ ነገ እስኪመጣ ልጠብቅ? ለሁለቱስ ምን ልበል?

መምህሩ
አይደውሉ። ጎልማሳ ሰው በራሱ ፈቃድ ይመጣል፤ መለመን ክብሩን ይነካል።

አሥራ ሁለተኛው ሳምንት
ዛሬውኑ ይደውሉ። ማኅበራዊ ጭንቀት ያለበት ሰው ዝምታዎን እንደ ፍርድ ይተረጉመዋል። በመጀመሪያ ደኅንነቱን ይጠይቁ፦ ያን ምሽት እንዴት እንዳለፈ፣ ራሱን የመጉዳት ሐሳብ መጥቶበት እንደሆነ፣ ለማረጋጊያ መጠጥ ወስዶ እንደሆነ። ከእነዚህ አንዱ ካለ የቡድኑ ጉዳይ ይቆይና ለብቻው በባለሙያ ይታይ። ከሌለ ግን «ያየነውን ሳልነግርህ ወደ ሌላ ሰው ማለፌ የእኔ ጉድለት ነው፤ ነገ ማንም ብቻውን አይቆምም» ይበሉት። ለሁለቱም ይህንኑ የነገውን ሥራ አስቀድመው ይንገሯቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቀረው ተራዬ መቼ ይደርስ ይሆን የሚለው ፍርሃት ነው። ማንም ክፍሉን ለቆ ሲወጣ ተባባሪዎ ተከትላ እንድትወጣ፣ እርስዎም ከቡድኑ ጋር እንዲቆዩ ከወዲሁ ይስማሙ።

ቀላል መንገድ
እኔ አሁንም ደረጃ ያስጽፉ እላለሁ።

አጣሪ
ነገ ማታ የመጡትን ሰዎች ቁጥርና በሁለቱ ዙሮች የጻፉትን ልክ ቢያሳውቁን መልካም ነው፤ በተለይ የሁለተኛው ዙር ቁጥር ከፍ ካለ።