እናቴን እኔ ጋ ላምጣት ወይስ ቤቷ ሰው ላስገባላት?

አባቴ ካረፈ ወዲህ እናቴ ሰበታ ግቢዋ ውስጥ ብቻዋን ናት። ስኳር አለባት፤ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ትወጋለች። ቀኑ አያሳስበኝም፣ ጎረቤቱም እድርተኛውም ይገባል ይወጣል። የሚያስፈራኝ ሌሊቱ ነው። በቀደም የማታውን መርፌ ወግታ እራት ሳትበላ ተኛች። ስኳሯ ወርዶ፣ ላብ አጥምቋት ስትቀባዥር ጎረቤት ደርሳ ስኳር በጥብጣ አጠጣቻት።

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም እኔ ጋ አምጥቻት ነበር። አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። ጉልበቷ ደረጃውን ስላልቻለ ቤተ ክርስቲያን መሳለም እንኳ ቀረባት፤ እኔም ሥራ ስለምውል ቀኑን ብቻዋን ነበረች። ተመለሰች።

አሁን ያሰብኩት ሰርቪስ ቤቱን ያለ ኪራይ ለአንዲት ሴት ሰጥቼ፣ ማታ እራት መብላቷን አይታ አብራት እንድታድር ነው። እንዲህ ያደረጋችሁ፣ ሌሊቱን አስተማምኗችኋል ወይስ በመጨረሻ ወላጃችሁን ወደ ቤታችሁ አመጣችሁ?