ለግል ትምህርት ቤት ሚዛናዊ ስኮርካርድ፦ ግቡን ከመለኪያው ጋር በምን እናያይዘው?

ምክትል ርዕሰ መምህርት፣ የካ አባዶ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ከአፀደ ሕፃናት እስከ 8ኛ ክፍል የምናስተምር የግል ትምህርት ቤት ነን። ባለቤቱ ለመጪው ዓመት ሚዛናዊ ስኮርካርድ፣ ማለትም የትምህርት ቤቱን ግቦችና መለኪያዎች በአራት ዕይታ የሚያሳይ ሰንጠረዥ፣ እንዳዘጋጅ ጠይቀውኛል። አራቱን ዕይታዎች፣ ፋይናንስን፣ ተገልጋይን፣ የውስጥ አሠራርን እንዲሁም መማማርና ዕድገትን፣ ስሞላ 31 መለኪያ ወጣ። ሰንጠረዡ ለዓይን ያምራል፤ ነገር ግን በመማማርና ዕድገት ሥር ያለው «ሥልጠና 4 ጊዜ መስጠት» በፋይናንስ ሥር ካለው «ገቢን 15 በመቶ ማሳደግ» ጋር ምን እንደሚያገናኘው ብጠየቅ የምመልሰው የለኝም። በተገልጋይ ዕይታ ደግሞ የወላጅን እርካታ የምለካው በጠቅላላው የተማሪ ብዛት ነው። ከየት ልጀምር?

የዕቅድ ባለሙያ

እኛ መንግሥት መሥሪያ ቤት ይህን ከጀመርን ስለቆየን ብዙ አትጨነቂ። የመለኪያው ቁጥር ሳይሆን ክብደቱ ነው የሚወስነው። ከመቶ አካፍይው፦ ለተገልጋይ 30፣ ለውስጥ አሠራር 35፣ ለመማማርና ዕድገት 20፣ ለፋይናንስ 15። ከዚያ እያንዳንዱን መለኪያ ለአንድ ባለቤት ስጪ፤ ስም ያልተጻፈበት መለኪያ በሰኔ ማንም አያውቀውም። እስከ መምህሩ ድረስ አውርጂውና በየሩብ ዓመቱ ውጤቱን አጠቃልይ።

የትምህርት ቤቶች አማካሪ፣ ሰሚት

ለእያንዳንዱ መለኪያ ባለቤት መሰየም ትክክል ነው፤ እኔም የምለው እሱን ነው። ክብደቱን ግን መጨረሻ ላይ አድርጉት። ያልተያያዙ 31 ነገሮችን ከመቶ ማካፈል የሚሰጠው አንድ ድምር ነው፤ ድምሩ 78 ቢሆን ርዕሰ መምህሩ ነገ ጠዋት ምን እንዲለውጥ ይነግረዋል? የፋይናንስ ቦታም ይለያያል። ካፕላንና ኖርተን ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1992 ሲያቀርቡት ለንግድ ድርጅቶች ስለነበር ፋይናንስን ከላይ አስቀመጡት። በመንግሥት መሥሪያ ቤት በጀት ማስፈጸሚያ ስለሆነ ወደ ታች ይወርዳል። የግል ትምህርት ቤት ግን ደመወዝና ኪራይ የሚከፍለው ከወርሃዊ ክፍያ ስለሆነ ፋይናንሱን እንደ መሥሪያ ቤት ቅጽ ማየት አይችልም።

አሁን ወደ እህቴ ጥያቄ። ከሁሉም በፊት የተማሪ ብዛትን ከተገልጋይ ዕይታ አውጪው። የካ አባዶ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳ የመሳሰሉት አካባቢዎች አዲስ ቤተሰብ በየጊዜው የሚገባባቸው ናቸው። መቶ ልጅ ከፍቶት ቢሄድ መቶ ሃያ አዲስ ይመዘገብና ቁጥሩ ያደገ ይመስላል። እያደገ ባለ ሰፈር ጠቅላላ ብዛት የሚለካው የኮንዶሚኒየሙን መሙላት እንጂ የወላጁን እርካታ አይደለም።

በእሱ ምትክ የሚመለሱትን ቁጠሪ። በሰኔ ከነበሩትና በመስከረም ሊመለሱ ከሚችሉት ውስጥ ስንቱ ተመዘገበ? 8ኛ ክፍልን የጨረሱትን ከቁጥሩ አውጪ፤ እነሱ የሚሄዱት ከፍተው አይደለም። የቤት ኪራይ ጨምሮባቸው ሰፈር የለቀቁትን ግን አታውጪ፤ ለብቻ መዝግቢያቸው። «ሰፈር ስለለቀቅን» የምትለው ምክንያት ለሁሉም ወላጅ የምትቀል ጨዋ መልስ ስለሆነች፣ እሷን ካወጣሽ መለኪያሽ ባዶ ይቀራል።

ከዚያ ወደ ታች ጠይቂ። ወላጅ ልጁን ለምን ይመልሳል? በታችኛው ክፍል ብዙ ጊዜ መልሱ ልጁ ማንበብ ችሏል ወይስ አልቻለም የሚለው ነው። ልጁ እንዲያነብ ውስጥ ምን መሠራት አለበት? ደብተሩ መታረም፣ የዘገየው ልጅ ቶሎ መታወቅ። ይህን ማን ይሠራዋል? ዓመቱን ሙሉ ያልተቀየረ መምህር። አየሽ፣ ከፋይናንስ ጀምረሽ መምህሩ ጋር ደረስሽ። «ሥልጠና 4 ጊዜ» ሥራ ነው፤ ግብ አይደለም። ሥልጠናው ሁሉ ተሰጥቶም መምህሩ በጥር ሊለቅ ይችላል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ባሉ ምድቦች ባለፈው ዓመት መሃል ላይ የክፍል መምህር የተቀየረባቸውና ያልተቀየረባቸው የትኞቹ ናቸው? በየምድቡስ ስንት ልጅ ተመለሰ? የምዝገባ መዝገቡ ይበቃሻል።

የሁለት ልጆች እናት

እኔ ስለ ስኮርካርድ አላውቅም፤ ደብተር ስለሚባለው ግን እናገራለሁ። የሴት ልጄ ደብተር ላይ በየገጹ ትልቅ የቀይ እስክሪብቶ ምልክት አለ፤ ውስጡ ያለው ስህተት ግን እንዳለ ነው። ምልክቱን ለእኛ ለወላጆች ነው የሚያደርጉት። የትራንስፖርቱንም ነገር ጨምሩበት፤ ሰርቪሱ በዘገየ ቁጥር ልጄ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያልፋታል። እሱን የሚለካ ሰው አላየሁም።

የትምህርት ቤቶች አማካሪ፣ ሰሚት

እመቤቴ፣ ስለ ደብተሩ ያሉት ዋናው ነገር ነው። «የታረመ ደብተር በመቶኛ» ብለን ብንለካ የምናገኘው ቀይ ምልክት ነው። ስለዚህ የክፍል ኃላፊዋ በየሳምንቱ ከአንድ ምድብ አምስት ደብተር ሳታስታውቅ ታንሳ፤ የምትቆጥረውም ምልክቱን ሳይሆን ተማሪው ስህተቱን መልሶ ጽፎ ያስተካከለበትን ነው። የሰርቪሱ ጉዳይ እውነተኛ ችግር ነው፤ ሆኖም በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የሚገባው የለቀቁ ወላጆች ምክንያት አድርገው ሲያነሡት ነው።

ምክትል ርዕሰ መምህርት፣ የካ አባዶ

መዝገቡን አየሁት። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል 12 ምድብ አለን፤ በየምድቡ 30 ልጅ፣ በድምሩ 360። በ7 ምድቦች የክፍል መምህር ዓመቱን ሙሉ አልተቀየረም፤ ከ210 ልጆች 185 ተመልሰዋል። በ5 ምድቦች መምህር በመሃል ተቀይሯል፤ ከ150 ልጆች የተመለሱት 108 ናቸው። ወርሃዊ ክፍያችን 1,800 ብር ሲሆን የምናስከፍለው ለ10 ወር ነው። ጠቅላላ የተማሪ ቁጥራችን ግን ከአምናው ጨምሯል።

የትምህርት ቤቶች አማካሪ፣ ሰሚት

ይኸው ሰንሰለቱ። መምህር ባልተቀየረበት 88 በመቶ፣ በተቀየረበት 72 በመቶ ተመልሷል። እነዚያ 5 ምድቦች እንደ ሌሎቹ 88 በመቶ ቢመለስላቸው ኖሮ 132 ልጅ ይኖራቸው ነበር፤ ልዩነቱ 24 ልጅ ነው። 24 ልጅ በዓመት 18,000 ብር ሲከፍል 432,000 ብር ይሆናል። ባለቤቱ «መምህር ከገቢ ጋር ምን ያገናኘዋል» ቢሉ የምታሳያቸው ይህን ነው።

ብርቱ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። 12 ምድብ ትንሽ ነው፤ ደግሞም መምህሩ የለቀቀው ምድቡ ከመጀመሪያው አስቸጋሪ ስለነበረ ከሆነ፣ ወላጁም መምህሩም የሸሹት ያንኑ ነገር ነው። ስለዚህ እንደ ግምት ያዢውና ዓመቱን ሙሉ ፈትኚው።

ለመጀመሪያው ዓመት እኔ የምይዘው ይህን ነው። በመማማርና ዕድገት፦ በመስከረም የጀመረው መምህር በሰኔ እዚያው ያለበት ምድብ ብዛት፤ ከ12ቱ 7 የነበረውን ወደ 10 ማድረስ። ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ በመቶኛ አትጻፊው። በውስጥ አሠራር፦ የደብተሩ ናሙና፣ እንዲሁም በኅዳር፣ በየካቲትና በግንቦት የንባብ ፍተሻ። ልጁ ያላየውን አጭር ምንባብ ድምፁን አውጥቶ አንብቦ ከአምስት ጥያቄ ሦስቱን መመለስ አለበት። ፍተሻውን የሌላ ምድብ መምህር ያካሂደው። የራሱ መምህር የሰጠውን አማካይ ውጤት መለኪያ ካደረግሽ ውጤቱ በየዓመቱ ይጨምራል፤ 6ኛ ክፍል ላይ ከተማ አቀፉ ፈተና ሲመጣ ግን ጉዱ ይፈላል። በተገልጋይ፦ የሚመለሱት በመቶኛ። በፋይናንስ፦ ከነባር ተማሪዎች የተሰበሰበ ክፍያ፣ ከአዲሶቹ ተለይቶ። ሌላው ሁሉ የየዕለት ሥራ መከታተያ ላይ ይቆይ፤ ስኮርካርዱ ላይ አይውጣ።

ሒሳብ ሹም፣ ገላን

ሒሳቡ ላይ ትንሽ ልጨምር። በሄዱት 24 ልጆች ቦታ አዲስ ከገባ 432,000 ብሩ ሙሉ ኪሳራ አይደለም። ኪሳራ የሚሆነው ባዶ የቀረው ወንበር ነው፤ ተጨማሪው ደግሞ አዲሱን ልጅ ለማምጣት የወጣው ወጪና ወደ ኋላ የቀረውን ለማስተካከል የሚባክነው ጊዜ ነው። በሌላ በኩል ለ12ቱ መምህራን በወር 1,500 ብር ቢጨመር በ12 ወር 216,000 ብር ይሆናል። ስለዚህ ከ24ቱ ወንበሮች ቢያንስ 12ቱ ባዶ ይቀሩ ከነበረ ጭማሪው ራሱን ይከፍላል።

ክፍያ መሰብሰቡንም አትርሱ። «እስከ ወሩ 10ኛ ቀን የተሰበሰበ» የሚል መለኪያ ስታወጡ ማካፈያው በዚያ ወር መክፈል የነበረበት ተማሪ ሁሉ ይሁን። ዕዳ የከመረውን ወላጅ ከዝርዝር አውጥቶ 97 በመቶ የሚያሳይ ሪፖርት አይቻለሁ፤ ባንክ ያለው ገንዘብ ግን ለደመወዝ አልበቃም ነበር።

ምክትል ርዕሰ መምህርት፣ የካ አባዶ

የነባሮቹን ክፍያ ከአዲሶቹ ወላጆች ክፍያ ሳንለይ በአንድ ሒሳብ ነው የምናስገባው። ከመስከረም ጀምሮ በደረሰኙ ላይ «ነባር» እና «አዲስ» የሚል ዓምድ አስጨምራለሁ። ለመምህራኑ ጭማሪውን በየወሩ ልክፈል ወይስ ዓመቱን ለጨረሰ ብቻ በሰኔ ይሰጥ?

የዕቅድ ባለሙያ

በሰኔ ስጪና ከስኮርካርዱ ውጤት ጋር አያይዢው። ማበረታቻ የሌለው መለኪያ ወረቀት ነው።

የትምህርት ቤቶች አማካሪ፣ ሰሚት

መቆየትን ከገንዘብ ጋር ማያያዙን አልቃወምም፤ መቆየቱን ማጭበርበር አይቻልምና። የንባብ ፍተሻውን ውጤት ግን ቢያንስ በመጀመሪያው ዓመት ከገንዘብ አርቁት፤ ያለበለዚያ ምንባቡ ከፍተሻው በፊት ክፍል ውስጥ ይነበባል።

ሒሳብ ሹም፣ ገላን

እኔ በዚህ ከሁለታችሁም እለያለሁ። በሰኔ የሚሰጥ ገንዘብ በጥር የቤት ኪራይ ለተጨመረበት መምህር አይደርስለትም፤ ሌላ ትምህርት ቤት በወር 1,000 ብር ካስበለጠለት ያኔውኑ ይሄዳል። ግማሹን በየወሩ፣ ግማሹን በሰኔ ያደረገ ትምህርት ቤት ካለ ውጤቱን ቢነግረን ደስ ይለኛል።