ከማንጎ ጥላ አውጥቼ የከሰዓት ፀሐይ ላይ ያስቀመጥኳቸው የቡና ችግኞች ቅጠላቸው ነጣ

የሐይቋ እህት፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሐይቅ ከተማ ነኝ። ከዘር ጀምሬ ያፈላኋቸው 14 የቡና ችግኞች አሉኝ፤ ዘጠኝ ወር ሞላቸው፣ ስድስት ስድስት ጥንድ ቅጠል አላቸው። እስካሁን በጥቁር የፕላስቲክ ከረጢት ማንጎ ዛፍ ሥር ነበሩ። ባለፈው ቅዳሜ ግንበኞች ዛፉ ሥር አሸዋ ሊያፈሱ ስለነበር ወደ ምዕራብ የሚያየው የቆርቆሮ አጥር ሥር ደረደርኳቸው። እዚያ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ እስኪመሽ ፀሐይ ነው። ማክሰኞ ሳያቸው ቅጠላቸው ላይ ነጣ ያለ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ ምልክት አየሁ። ዛሬ ዓርብ መሃሉ ቡናማ ሆኖ እንደ ወረቀት ደርቋል። ውኃ በየቀኑ ጠዋት አጠጣለሁ። በሽታ ነው? ቅጠሎቹን ልቁረጥ? ማዳበሪያስ ልስጣቸው?

የቃሉ ልጅ፦ ይሄ የቡና ዋግ ነው። የኛም ሰፈር ገብቶ ስንት ቡና አራግፏል። ሳይዛመት ቶሎ የመዳብ መድኃኒት ርጪው፤ የታመመውን ቅጠል ሁሉ ቆርጠሽ አቃጥይ።

የኮምቦልቻዋ፦ ልጄ፣ ውኃ ስታጠጪ ቅጠሉ ላይ እንዳይፈስ ተጠንቀቂ። ፀሐይ ሲያገኘው ጠብታው እንደ መነጽር ሆኖ ያቃጥላል። እኔ ሁልጊዜ ማለዳ ሥሩ ላይ ብቻ ነው የማጠጣው፣ አንድም ቀን ተቃጥሎብኝ አያውቅም።

ችግኝ አፍዪ፦ እህቴ አብሽሪ፣ መድኃኒቱን ከመግዛትሽ በፊት ሦስት ነገር አይተሽ ንገሪኝ። ቅጠሉን ገልብጠሽ ጀርባውን በጣትሽ ጥረጊው፤ የዋጉ ብርቱካናማ ዱቄት ጣትሽ ላይ ይቀራል? ምልክቱ ያለው የላይኞቹ ቅጠሎች ላይ ነው ወይስ የታችኞቹ ላይ? ደግሞ ከረጢቱን አዙረሽ ተመልከቺ፤ ወደ ቆርቆሮው የዞረው ጎንና ወደ ምዕራብ የዞረው ጎን እኩል ተጎድተዋል?

የሐይቋ እህት፦ ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ጀርባው ንጹሕ ነው፣ ምንም ዱቄት የለውም። በብዛት የተጎዱት ከላይ ያሉት ሁለት ጥንዶች ናቸው፤ የታችኞቹ ምንም አልሆኑም። ወደ ምዕራብ የዞረው ጎን በጣም ይብሳል። አንድ የገረመኝ ነገርም አለ፦ ከላይ ያለው ቅጠል ከሥሩ ያለውን በከፊል የሸፈነበት ቦታ ላይ የሥረኛው እንዳለ አረንጓዴ ነው። የላይኛው ቅጠል ቅርጽ ጫፉ ሳይቀር ተስሎበታል።

ችግኝ አፍዪ፦ ያ የተሳለው ቅርጽ መልሱን ጨርሶታል። ዋግ ጥላ የወደቀበትን ቦታ ለይቶ አይተውም፤ ፀሐይ ግን ይተዋል። በፀሐይ የተቃጠለ ነው፣ በሽታ አይደለም፤ ወደ ሌሎቹም አይተላለፍም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማንጎ ሥር የተከፈተ ቅጠል ለዚያ ብርሃን የተሠራ ነው። ትንሿን ብርሃን ለመያዝ ሲል ሰፋ፣ ሳሳ ይላል፤ አረንጓዴውም ጠቆር ያለ ይሆናል። ያንን ቅጠል በአንድ ቀን ገላጣ ላይ ስታወጪው ከሚጠቀምበት እጅግ የበለጠ ብርሃን ይወርድበታል። ትርፉ መውጫ ሲያጣ አረንጓዴውን ቀለም ራሱን ያፈርሰዋል። መጀመሪያ ያየሽው ንጣት እሱ ነው። ከዚያ ሥጋው ይሞትና ቡናማ ወረቀት ይሆናል። ቅዳሜ አውጥተሽ ማክሰኞ ማየትሽም ከዚሁ ጋር ይሄዳል፤ ጉዳቱ በመጀመሪያው ቀን ቢደርስም ለዓይን የሚታየው ውሎ አድሮ ነው።

የከሰዓቱ ፀሐይ ከጠዋቱ የሚከፋው ብርሃኑ ስለሚበልጥ አይደለም። ጠዋት አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ቅጠሉም ውኃ እያተነነ ራሱን ያበርዳል። ከስምንት ሰዓት በኋላ ግን አየሩ ሞቆና ደርቆ ይቆያል፤ ቡና ደግሞ ውኃ እንዳያልቅበት የቅጠሉን ቀዳዳዎች ይዘጋል። ሲዘጋ ማብረጃውንም አብሮ ዘጋ ማለት ነው። አፈሩ ርጥብ ቢሆንም ይዘጋል፤ ስለዚህ ጠዋት ማጠጣትሽ ጥሩ ቢሆንም ከዚህ ሊያድነው አይችልም ነበር። ያንቺዎቹ ላይ ደግሞ የቆርቆሮው ግለት ከጀርባ ተጨምሯል።

አሁኑኑ፣ ነገ ሳትዪ፣ ከዚያ አንሺያቸው። ጨለማ ክፍል ግን አታስገቢያቸው፤ ያው የለመዱት ዓይነት የዛፍ ጥላ ይበቃቸዋል። ቅጠሎቹን አትቁረጪ። ግማሹ አረንጓዴ የሆነ ቅጠል አሁንም ምግብ እየሠራ ነው፤ ስድስት ጥንድ ብቻ ካለው ችግኝ ላይ ሁለቱን ጥንድ ከነሣሽው የሚያገግምበትን ጉልበት ነሣሽው። ሙሉ በሙሉ የደረቀው በራሱ ጊዜ ይወድቃል። የነጣው ቦታ ተመልሶ አረንጓዴ እንዲሆን አትጠብቂ፤ አይሆንም። ማዳበሪያም አትስጪ፤ ሥሩም በጥቁሩ ከረጢት ውስጥ ግሎ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ዩሪያ ስትጨምሪበት የባሰ ታቃጥይዋለሽ። አዲስ ጥንድ ቅጠል ሲከፈት ያን ጊዜ እንነጋገራለን።

መቆሙን ማረጋገጥ ከፈለግሽ በስክሪብቶ የአምስት ስድስት ምልክት ዳር ዳሩን በቀስታ ክበቢው። ከሳምንት በኋላ ቡናማው ከመስመሩ ካልወጣ ነገሩ አልቋል። መስመሩን አልፎ ከሄደ፣ ወይም ጥላ ሥር እያለ አዲስ ክብ ነጥብ ካወጣ፣ ተመልሰሽ ንገሪን። ፀሐይ ያዳከመው ችግኝ ላይ ቡናማ ክብ፣ መሃሉ አመድማ የሆነ ነጥብ የሚያወጣ ሻጋታ ሊከተል ይችላል፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

እናቴ የኮምቦልቻዋ፣ ማለዳ ሥሩ ላይ ማጠጣትዎ ትክክል ነው፣ ይቀጥሉበት። ቅጠሉ በርጥበት ካልቆየ ሻጋታ አይወደውም። ጠብታው ያቃጥላል የሚለው ግን ቡናን በመሰለ ልሙጥ ቅጠል ላይ አይሠራም፤ ጠብታው ተንጣልሎ ስለሚተኛ ብርሃኑን ቅጠሉ ላይ አይሰበስበውም። ደግሞ ጠብታ ቢሆን ኖሮ ምልክቱ ነጠብጣብ በሆነ ነበር እንጂ የሌላ ቅጠል ጥላ አይሳልም።

የኮምቦልቻዋ፦ እንግዲህ እኔ ከእናቴ የሰማሁት ነው፤ ጸጉር ያለው ቅጠል ሲቃጠል ግን አይቻለሁ ልጄ፣ በሱ አልስማማም። ቡናውን በተመለከተ እሺ።

አበባ ወዳድ፦ እኔም ደሴ ላይ ተመሳሳይ ነገር ገጥሞኛል። ሳሎን ያለው ተክሌ ቅጠሉ ዳር ዳሩ ቡናማ እየሆነ ይደርቃል፣ የታችኞቹም ቢጫ ሆነው ይረግፋሉ። ፀሐይ ግን አያገኘውም፣ መስኮቱ ወደ ሰሜን ነው። እሱም ተቃጥሎ ነው? ደሴ እንደምታውቁት ብርድ ነው፣ ፀሐዩ የሚያቃጥል አይመስለኝም።

ችግኝ አፍዪ፦ ያንተ ከዚህ ጋር አይገናኝም ወንድሜ። ከዳር ጀምሮ ወደ ውስጥ የሚደርቅና ከታች የሚረግፍ ከሆነ ችግሩን ከሥሩና ከውኃው ፈልግ፤ ጣትህን አፈሩ ውስጥ ስደድ፣ ከረጢቱ ወይም ማሰሮው ሥሩ ቀዳዳ እንዳለው እይ። የተለየ ጥያቄ አድርገህ ብታወጣው ይሻላል። የደሴን ፀሐይ ግን አትናቀው። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይቀዘቅዛል እንጂ ብርሃኑ አይቀንስም፤ እንዲያውም ይጠነክራል። በዚህ በጥር ሌሊቱ አቀዝቅዞት ያደረ ቅጠል ብርሃን የመሸከም አቅሙ ያንሳል። ሐይቅም ላይ ይህ አልቀረም።

የመርሳው፦ ሁላችሁም ቡናን ጥላ ጥላ ትላላችሁ። የኔ ሃያ እግር ቡና መርሳ ላይ አንድ ዛፍ በሌለበት ገላጣ ቆሟል፣ በመስኖ ነው የማጠጣው፣ ወላሂ ከጥላው ቡና በላይ ያፈራል። እኔ እንዳውም ጥላ ያሰንፋል ባይ ነኝ። ትተዋቸው ይልመዱት።

ችግኝ አፍዪ፦ ቡናህን አምናለሁ። ግን ገላጣው ላይ ያደጉት ስንት ዓመት ሆኗቸው? ያሉት ቅጠሎች በሙሉ እዚያው ፀሐይ ላይ የተከፈቱ ናቸው፤ ወፍራምና ጠባብ ሆነው ነው የተወለዱት። ሥሩም ጥልቅ ነው፣ መስኖም አለህ። የእህታችን ችግኝ ሥሩ ከአንድ ከረጢት አፈር አያልፍም፣ አንድም የፀሐይ ቅጠል የለውም። አሮጌ የጥላ ቅጠል ወደ ፀሐይ ቅጠል አይለወጥም፤ የሚለምደው አዲስ የሚወጣው ነው። ስለዚህ "ትተዋቸው" ስትል አዲሱ ሳይደርስ ያለው ሁሉ ያልቅባታል።

የመርሳው፦ እሱስ እውነት ነው፣ እኔም ስተክላቸው ለአንድ ክረምት ያህል የባቄላ አገዳ አቁሜላቸው ነበር። ረስቼው ነው። ጥላ ያሰንፋል ያልኩትን ግን አልተውም።

የሐይቋ እህት፦ ማታውኑ ወደ ማንጎው አመጣኋቸው፣ ግንበኞቹ ጥግ ለቀቁልኝ። ግን ሰኔ ላይ ልተክላቸው ያሰብኩበት የጓሮው ቦታ እኮ ከሰዓት ፀሐይ አለው። እስከዚያ እንዴት ላለማምዳቸው?

ችግኝ አፍዪ፦ ጊዜ አለሽ። መጀመሪያ እያንዳንዱ ችግኝ አንድ አዲስ ጥንድ እስኪከፍት ጥላ ሥር ይቆይ። ከዚያ ወደ ምሥራቅ የሚያይ ቦታ ፈልጊ። ለአንድ ሳምንት እስከ ጠዋቱ ሦስት ሰዓት ድረስ ብቻ ፀሐይ ያግኙ። ምንም ካልነጣ በየአምስት ቀኑ አንድ አንድ ሰዓት ጨምሪ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ግን አታሳልፊ። ማመላለሱ ካደከመሽ እኛ ችግኝ ጣቢያ የምናደርገውን አድርጊ፦ ዝቅ ያለ ዳስ ሥሪና በሣር ጥቅጥቅ አድርገሽ ክደኚው፤ በየሁለት ሳምንቱ ሣሩን አንድ አራተኛ አሳሺው። ሣሩ ላይ የተበተነ ብርሃን ከማመላለሱ ይሻላል፣ ቀኑን ሙሉ ስለሚዞር አንድ ቅጠል ላይ አይተኛም። ከረጢቶቹ ተጠጋግተው ይቁሙ፣ የዳር ዳሩን በማዳበሪያ ጆንያ ጋርጂ፤ ጥቁር ፕላስቲክ ሥሩን ያግላል።

የምትጨምሪው ፍጥነት ልክ መሆኑን የሚነግርሽ አዲሱ ቅጠል ነው። ትንሽ ነጣ ያለ አረንጓዴ፣ ጠንከርና ጠበብ ብሎ ከመጣ እየለመደ ነው። ቀትር ላይ ቅጠሉ ጠውልጎ ማታ ከተነሣም አያሳስብ። ነጭ ምልክት በአንድ ቅጠል ላይ እንኳ ካየሽ ግን አንድ ደረጃ ተመለሺ።

የጓሮውን ቦታ በተመለከተ፣ ሰኔ ላይ ደመናው ስለሚያግዝሽ አትስጊ። የሚያስቸግረው ክረምቱ ወጥቶ መስከረም መጨረሻ ላይ ሲጠራ ነው። ስለዚህ በምዕራብ በኩል አሁኑኑ ሰስባንያ ዝሪ ወይም ሙዝ ትከዪ፤ መስከረም ላይ ከችግኙ በላይ ሆኖ ይጋርድልሻል።

የቃሉ ልጅ፦ እኔ ዋግ ብዬ ተሳስቻለሁ፣ ጀርባውን ማየት አላሰብኩም። ይቅርታ እህቴ።

የሐይቋ እህት፦ ምንም አይደል ወንድሜ፣ ለመርዳት ብለህ ነው። ሁለት ሳምንት ሆኖኛል፣ የመጣሁት ልነግራችሁ ነው። በስክሪብቶ የከበብኳቸው ምልክቶች ከመስመሩ አልወጡም። አሥራ አንዱ ጫፋቸው ላይ አዲስ ጥንድ ጀምረዋል፣ ሁለቱ እንዳሉ ናቸው። አንደኛው ግን ቆርቆሮውን ተደግፎ የነበረው ነው፤ ጫፉ ራሱ ጠቁሮ ደርቋል፣ ግንዱ ሲጫር ግን ውስጡ አረንጓዴ ነው። ልጠብቀው ወይስ ልጣለው?

ችግኝ አፍዪ፦ ግንዱ አረንጓዴ ከሆነ ከቅጠሉ ብብት አዲስ ቀንበጥ ሊያወጣ ይችላል። አንድ ወር ስጪው። ሁለት ቢወጣ ቀጥ ያለውን አስቀሪ፣ ሌላውን አንሺ።

የመርሳው፦ እኔ ብሆን እጥለዋለሁ። ጫፉ የሞተ ችግኝ ቢያድግም ኋላ ቀር ነው፣ አሥራ ሦስት ይበቃሻል።

የሐይቋ እህት፦ ዛፉ ሥር ቦታ ስላለው ለጊዜው ይቆይ። የካቲት መጨረሻ ላይ መጥቼ እነግራችኋለሁ።