የሱቅ ዝርዝር ከወርድ ወደ ያምል፦ በምን ልቀይረው?

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦ ሰላም ወገኖች። የኅብረት ሥራ ሱቆቻችን ዝርዝር በወርድ ነው ያለው። ወረዳ አለ፣ ከሥሩ ቀበሌ፣ ከቀበሌው ሥር ሱቆቹ ከመክፈቻ ሰዓታቸው ጋር። በድምሩ 64 ናቸው። ለስልክ መተግበሪያ በያምል፣ ማለትም ደረጃው በክፍተት በሚለይ የመረጃ ጽሑፍ፣ አምጡ ተባልን። ለአንድ ጽሕፈት ቤት ከፍዬ አስቀየርኩት፤ ግን 14 ሱቆች ሰዓት የላቸውም ይላል። አንዳንዶቹ ደግሞ ሰዓታቸው 150 ሆኗል። ምን ትጠቁሙኛላችሁ?

ከሸዋ ሮቢት፦ ፓንዶክ የሚባለውን የፋይል መቀየሪያ ጫን፣ ነፃ ነው። `pandoc -t json suk.docx` ስትለው ወርዱን ወዲያው ጄሰን ወደሚባለው የመረጃ ጽሑፍ ይቀይርልሃል።

ከመሐል ሜዳ፦ እኔም የበግ ነጋዴዎችን ስልክ ኤክሴል ላይ ስመዘግብ ከፊት ያለው ዜሮ ጠፍቶብኛል። ጥፋቱ የኤክሴል ነው፣ ተወው።

ከደብረ ሲና፦ ወንድሜ፣ እሱ ኤክሴል አልተጠቀመም። የፓንዶኩም ጄሰን የሚነግርህ የቱ ርዕስ፣ የቱ ሠንጠረዥ እንደሆነ ነው። ወረዳና ቀበሌ የሚል ቁልፍ አይሰጥህም። ለ64 ሱቅ እኔ በእጅ ጽፌ ያምልና ጄሰን በሚያነቡት በ`yq` እና በ`jq` ትእዛዞች ባጣራው እመርጣለሁ። እንዲህ፦

```yaml
- ወረዳ: ጣርማ በር
  ቀበሌዎች:
    - ቀበሌ: "01"
      ሱቆች:
        - ስም: ሱቅ 1
          ሰዓት: "2:30"
```

150 የመጣው ከጥቅሱ መቅረት ነው። የፓይተኑ ያምል አንባቢ `PyYAML` የሚከተለው የድሮው የያምል ደንብ 2:30ን ቁጥር ብሎ ያነበዋል፤ 2 በ60 ሲባዛ 120፣ ሲደመር 30። ያለ ጥቅስ 01ም 1 ብቻ ይሆናል።

ሰዓት የጠፋባቸው ግን በፊደል ነው የሚመስለኝ። እያንዳንዱ ቁልፍ ስንት ጊዜ እንደተጻፈ የሚቆጥረውን ይህን ሞክር፦

```
yq -o=json '.' suk.yaml | jq -c '[..|objects|keys[]]|group_by(.)|map([.[0],length])'
```

ከሸዋ ሮቢት፦ እኔ ያለ ጥቅስ በ`yq` አየሁት፣ 2:30 ብሎ ነው ያወጣው። ስለዚህ የጥቅስ ጉዳይ አይደለም።

ከደብረ ሲና፦ ልክ ነህ፣ `yq` ያንን ደንብ አይከተልም። ግን መተግበሪያው በምን እንደሚያነበው አናውቅም። በጥቅስ ካስገባኸው ሁለቱም ጋ ያው ነው።

ጠያቂ፦ ሞከርኩት! "ሰዓት" 50፣ "ሰአት" 9፣ "ሠዓት" 5 ብሎ አወጣ። ዓይኔ አንድ አድርጎ ሲያነባቸው ነበር። በ`ቀበሌዎች` ሥር ያሉትን ሰረዞች ለብቻ ስቆጥር ግን 12 መሆን ሲገባቸው 13 ሆኑ።

ከደብረ ሲና፦ እንግዲያው አንድ ሱቅ ወደ ግራ ሸሽቶ ከቀበሌዎቹ ሰረዝ ትክክል ቆሟል። ስህተት ብሎ አይጮህም፤ ቀበሌ ነው ብሎ ይቀበለዋል። ስለዚህ በየደረጃው ቁጥሩን ከወርዱ ጋር አመሳክር። ክፍተቱንም በታብ አታድርግ፣ በስፔስ ብቻ።

ከመሐል ሜዳ፦ ቁልፎቹን በላቲን ብትጽፉ የሠ እና የሰ ጣጣ አይመጣም ነበር።

ከደብረ ሲና፦ "seat" እና "seaat" ይመጣላ። የሚሞላው የቀበሌ ሠራተኛ የሚያነበው አማርኛ ነው፤ እኔ በአማርኛ ይሁን ባይ ነኝ።

ጠያቂ፦ መተግበሪያውን የሚሠሩት ልጆች ላቲን ነው የሚፈልጉት። ሰኞ እጠይቃቸዋለሁ።