«ብትፈልግ ኖሮ አማርኛ ይናገር ነበር»

ሰዒድ ቧንቧ ውሃ፦ ትናንት እዚህ ደሴ ሰፈራችን ከሲያትል የመጣች ልጅ ቤት ቡና ተጠርተን ነበር። የ8 ዓመት ልጇ ያን ሁሉ ሰው ፊት ሴት አያቱን «ና ብላ» አላቸው! ገሚሱ ሳቀ፣ እሳቸው ግን አንገታቸውን ደፉ። እናትየው «አማርኛ አይችልም፣ ይቅርታ» ብላ አለፈችው። ብትፈልግ ኖሮ አማርኛ ይናገር ነበር። እንግሊዝኛውን እንደዚያ የሚያንበለብል ልጅ አማርኛ እንዴት ያቅተዋል? ዳያስፖራው ልጁን ፈረንጅ አድርጎ እያመጣ እናቶቻችንን ነው የሚያሳዝነው። ሀሳባችሁን ስጡ።

ሀያት ሰኞ ገበያ፦ እውነት ነው። የእኛም ዘመዶች ሲመጡ ልጆቹ ስልክ ላይ ተደፍተው ነው የሚውሉት፣ ሰላምታ እንኳን የለም።

ትግስት ሚኒሶታ፦ «ብትፈልግ ኖሮ»? ወንድሜ አንተ እዚያ ቁጭ ብለህ መፍረድ ቀላል ነው። ልጄ 3 ዓመቱ እያለ አፉን ቶሎ አልፈታም ነበር፣ መዋያው ያሉት ሴትዮ ጠርተውኝ «ሁለት ቋንቋ አምታቶበታል፣ ቤትም እንግሊዝኛ ብቻ አውሩት» አሉኝ። የተማሩ ናቸው ብዬ እሺ አልኩ። ባሌ ሌሊት ይነዳል፣ እኔ አረጋውያን መጦሪያ ድርብ ሺፍት እሰራለሁ፣ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ አሳደግኩት። አሁን 11 ዓመቱ ነው። «ራበህ? ጫማህን አውልቅ፣ ተኛ» ነው ወሬያችን። ሰሞኑን ትምህርት ቤት የሆነ ነገር ገጥሞት ነው መሰለኝ ዝም ብሏል። ምን እንደሆነ ልጠይቀው ብል የእኔ እንግሊዝኛ እዚያ ድረስ አይሄድም፣ የእሱም አማርኛ አይሄድም። አንተ ግን ብትፈልጊ ኖሮ ትለኛለህ።

ሰዒድ ቧንቧ ውሃ፦ እህቴ አንቺን አላልኩም፣ እግዜር ያቅልልሽ። ግን ቤት ውስጥ አማርኛ ማውራት ምን ገንዘብ ያስወጣል? ያ ልጅ እኮ አያቱን ደፈረ።

ያየህ ሆጤ፦ ሰዒድ፣ አልደፈረም። ቶሮንቶ ብዙ ዓመት የቅዳሜ አማርኛ ክፍል አስተምሬያለሁ፣ ይሄን ነገር በየጊዜው ነው የማየው። ልጁ አማርኛ የሚሰማው ከእናቱ ብቻ ነው፣ እሷም የምትለው «ና፣ ብላ፣ ታጠብ፣ ተነስ» ነው። ወንድ ስለሆነ ለወንድ የሚባለውን ብቻ ሰማ። ደሴ ያደገ ልጅ ግን እናቱ ለጎረቤቷ «ነይ» ስትል፣ ለሽማግሌ «ይምጡ» ስትል፣ ሁለት ሴቶች በር ላይ ቆመው ሲያወሩ፣ ሲገበያዩ፣ ሲጣሉ ቀኑን ሙሉ ይሰማል፣ ማንም ቁጭ አድርጎ ሳያስተምረው ይለየዋል። የሲያትሉ ልጅ አዋቂ ከአዋቂ ጋር አማርኛ ሲያወራ የት ይሰማል? ስልክ ላይ፣ ያውም ግማሹን። ክፍሌ ውስጥ አባቷን «ነይ ብዪ» የምትል ትንሽ ልጅ ነበረችኝ፣ እናቷ እሷን የምትላትን ነው የምትደግመው። እና ያ ልጅ ባለችው አማርኛ አያቱን ምግብ ጋበዛቸው። እናንተ ሳቃችሁበት።

ሰዒድ ቧንቧ ውሃ፦ እሺ ይሁን፣ «አንቱ» ማለት ለማስተማር ግን ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ሀያት ሰኞ ገበያ፦ ኧረ እኛ ቤት አያታችንን አንቺ ነበር የምንላት፣ አንቱ ብንላት «ባዳ ሆንኩ ወይ» ብላ ትቆጣ ነበር። አንቱ የሚባሉት አያቴ ናቸው፣ ወንዱ።

ሰዒድ ቧንቧ ውሃ፦ የእናንተ ቤት ሌላ ነው። ደሴ ውስጥ ትልቅ ሰው አንቱ ነው የሚባለው፣ አለቀ።

ሀያት ሰኞ ገበያ፦ ደሴን ብቻህን ነው እንዴ የምታውቃት?

አንዋር ኮምቦልቻ፦ ወደ ቁም ነገሩ ተመለሱ። እኔ የማውቀው ልጅ 7 ዓመት ካለፈው በኋላ ቋንቋ አይገባውም፣ አለቀ ደቀቀ ነው። እና የመዋያዋ ሴትዮም ያን ያህል አልተሳሳተችም፣ ሁለቱን አንድ ላይ ስትግተው ልጅ ይዘገያል፣ የአጎቴ ልጅ እንደዚያ ሆኗል። መፍትሄው በ4 ዓመቱ ፊደል ማስቆጠር ነው። ፊደል የያዘ ልጅ አይጠፋም።

ያየህ ሆጤ፦ አንዋር፣ ግማሹ ልክ ነው ግማሹ አይደለም። በትንሽነቱ የሰማ ልጅ ይሻላል፣ በተለይ ጠ፣ ቀ፣ ጨ ላይ ዘግይቶ የጀመረ ሰው ይለፋል። ግን በር አይዘጋም፣ በ15 ዓመታቸው ጀምረው የተናገሩ አሉ። ሁለት ቋንቋ ያዘገያል የሚለውን ግን የንግግር ባለሙያዎች ከተዉት ቆይተዋል። የ2 ዓመት ልጅ ቃሉ ሲቆጠር የሁለቱም ቋንቋ ተደምሮ ነው የሚቆጠረው። በእንግሊዝኛ 25 ቃል በአማርኛ 30 ሌላ ቃል ካለው 55 ቃል አለው፣ መዋያው ግን 25ቱን ብቻ ሰምቶ ዘገየ ይላል። እውነተኛ የንግግር ችግር ከሆነ በሁለቱም ቋንቋ ይታያል፣ አንዱን መንጠቅ አያድነውም። ትግስት፣ የተሰጠሽ ምክር ስህተት ነበር። ያኔ ብዙ ቤት እንደዚያ ተብሏል።

ትግስት ሚኒሶታ፦ ይሄን ያኔ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ።

ያየህ ሆጤ፦ ፊደሉንም ልናገር። 231ዱን ፊደል ከሀ እስከ ፖ በዜማ የሚወርድ ልጅ ክፍሌ ውስጥ ነበር፣ ውሃ ጠምቶት ግን በእንግሊዝኛ ነው የሚጠይቀኝ። ወላጆቹ ሲያስቆጥሩት ቪዲዮ አንስተው ለአገር ቤት ይልካሉ፣ ሁሉም ያጨበጭባል። ፊደል ጥሩ ነው፣ መጀመሪያ ግን አፍ።

አንዋር ኮምቦልቻ፦ ታዲያ ቤት ውስጥ አማርኛ ብቻ የሚያወሩስ? እህቴና ባሏ ሌላ አያወሩም፣ ትልቁ ልጅ ይናገራል፣ ትንሿ ግን ፍንክች።

ያየህ ሆጤ፦ ትልቁ ልጅ ትምህርት ቤት ገብቶ እንግሊዝኛ ይዞ መጣ፣ ከዚያ ታናሹን በእንግሊዝኛ አሳደጋት። ሁለተኛ ልጅ ብዙ ጊዜ እንደዚህ ነው። ሌላው ደግሞ መልሱ ላይ ነው። ልጅቷ በእንግሊዝኛ «ጁስ እፈልጋለሁ» ትላለች፣ እናት በአማርኛ «ፍሪጅ ውስጥ አለ» ትላለች። ጉዳዩ አለቀ። ልጅቷ ምን ተማረች? እንግሊዝኛው ይበቃል። እናት ግን «ምን ላምጣልሽ?» ብላ ቆም ብትል፣ ወይ «ጁስ ስጪኝ ነው ያልሽው?» ብላ ራሷ ሙሉውን ብትለው፣ ልጅቷ ቀስ እያለች ትመልሰዋለች። ይሄ ከ2 እስከ 5 ዓመት ጨዋታ ነው። በ11 ዓመት ግን ቅጣት ይሆናል፣ ያኮርፋል። ቤልጅየም ውስጥ ሁለት ቋንቋ ባለበት ቤት ያደጉ ልጆች ሲጠኑ ከአራቱ አንዱ የቤቱን ቋንቋ አይናገርም። ወላጆቹ እኮ የሚናገሩት ቋንቋ ነው። እና «ብትፈልግ ኖሮ» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይደብቃል ሰዒድ።

ሰዒድ ቧንቧ ውሃ፦ ምንም አይደብቅም። ሦስቱ ተናገሩ አላልክም? እናቶቻቸው ፈለጉ ማለት ነው።

ዘይነብ፦ እኔም ልናገር ይፈቀድልኝ። ልጄን 2 ዓመቷ ላይ ለእናቴ ትቼ ጅዳ ሄድኩ፣ ሰው ቤት። ስመለስ 10 ዓመቷ ነበር። እሷም አማርኛ ትናገራለች እኔም እናገራለሁ። ግን «እማ» የምትላት እናቴን ነው፣ እኔን በስሜ ነው የምትጠራኝ። ስልክ ላይ «ደህና ነሽ፣ አልሃምዱሊላህ፣ ጫማው ደረሰሽ?» ነበር ያሳደገን። አሁን አንድ ቤት ተቀምጠን ምን እንደምንባባል አናውቅም።

አንዋር ኮምቦልቻ፦ እህቴ አላህ ያግዝሽ፣ ግን ርዕሱ ውጭ ስላደጉ ልጆች ነው።

ሀያት ሰኞ ገበያ፦ እንዴት ነው ርዕሱ አይደለም የምትለው? ወሎ ውስጥ ከሲያትል ከሚመጣው ይልቅ የአረብ አገሩ ነው የበዛው!

ቤዛ፦ ሰላም። እኔ ያደግኩት ቶሮንቶ ነው፣ አማርኛዬ ጥሩ አይደለም፣ ስህተት ካለ ይቅርታ። እኔ ሁሉን እሰማ ነበር። በ9 ዓመቴ ደሴ መጣሁ፣ አክስቴን «እንዴት ነህ» አልኳት፣ ሁሉም ሳቀ፣ ደግመህ በይ በይ አሉኝ፣ ሰው እየጠሩ አስደገሙኝ። ከዚያ በኋላ እስክንመለስ አንድ ቃል አማርኛ አልተናገርኩም። «አትችልም» አሉ። እችል ነበር፣ ፈራሁ እንጂ። ሌላ ነገር ደግሞ፣ 12 ዓመቴ ላይ አባቴ ታመመ፣ ሆስፒታል የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ። ዶክተሩ ከባድ ነገር ነገረኝ፣ ለአባቴ ግን ቀላል አድርጌ ነገርኩት፣ ቃሉም አልነበረኝም፣ ልቤም እምቢ አለ። አባቴ ከዚያ ቀን በኋላ እኔን መቆጣት ተወ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ትግስት ሚኒሶታ፦ ቤዛዬ አስለቀስሽኝ። የእኔም ልጅ ከትምህርት ቤት የሚመጣውን ወረቀት እሱ ነው የሚያነብልኝ፣ ስለ ራሱ የተጻፈውን ማለት ነው።

ያየህ ሆጤ፦ ትግስት፣ የሆስፒታሉንና የትምህርት ቤቱን ለልጁ አትተዪለት፣ አስተርጓሚ ጠይቂ፣ እዚያ ያለ ክፍያ ማቅረብ አለባቸው። ስለ ዝምታው ደግሞ፣ መጀመሪያ ልጁ ምን ያህል አማርኛ እንደሚሰማ እወቂ። በእጅሽ ሳትጠቁሚ «ላይኛው መሳቢያ ውስጥ ያለውን ሰማያዊ ሹራብ አምጥተህ ለአባትህ ስጠው» በይው። ካደረገው አማርኛው አልጠፋም፣ አፉ ላይ ነው የቆመው። ያኔ አንቺ በደንብ በምትችይው በአማርኛ አውሪው፣ እሱ በእንግሊዝኛው ይመልስ፣ ያልገባሽን በቀላል ቃል ይድገምልሽ። ልጁ ያዘነበትን ነገር ለመናገር ሲሞክር ግን «በአማርኛ በል» እንዳትዪው።

ሰዒድ ቧንቧ ውሃ፦ ይሄማ ተሸነፍን ማለት ነው! ለአማርኛ ብሎ የሚያኮርፍ ልጅ ያኩርፍ፣ ያልፍለታል።

ትግስት ሚኒሶታ፦ ያንተ ልጅ አይደለማ።

ሀያት ሰኞ ገበያ፦ ሰዒድ፣ የቤዛን አነበብከው ግን?

ሰዒድ ቧንቧ ውሃ፦ አንብቤዋለሁ። ሳቁ ልክ አልነበረም፣ እሺ። እናትየው ግን ለአሮጊቷ «እንደዚህ ማለቱ ነው» ብላ ማስረዳት ነበረባት፣ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።

አንዋር ኮምቦልቻ፦ እህቴ በሚቀጥለው ሳምንት ኮምቦልቻ ኤርፖርት ትገባለች፣ ከሁለቱም ልጆች ጋር፣ ክረምቱን ሙሉ ናቸው። የእኔ ልጆች ግን ከአሁኑ እንግሊዝኛ ልንለማመድባቸው ነው እያሉ ነው። ልከልክላቸው?

ያየህ ሆጤ፦ አትከልክል፣ አይሰሙህም። ትንሿን ግን እንግሊዝኛ ከማይችሉ ከእኩዮቿ ጋር አውላት፣ ያለ እናቷ።

ሰዒድ ቧንቧ ውሃ፦ ኮምቦልቻ ደግሞ ምን አማርኛ አለ፣ ደሴ ላካቸው።

አንዋር ኮምቦልቻ፦ ጀመረህ ደግሞ!